ለእህቴ ያሰፋሁት የያሆዴ ቀሚስ

የእህቴን ቁመና ከራሴ ይልቅ አውቀዋለሁ ብዬ የምምል ሰው ነበርኩ። እናታችን ስትሞት እሷ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እኔ ከመምህራን ኮሌጅ ልመረቅ አንድ ዓመት ቀርቶኛል። አባታችን ከእሷ ቀድሞ ሞቷል። ስለዚህ ያጠብኳት እኔ ነኝ፤ ያበጠርኳት እኔ ነኝ፤ ቁመቷ በጨመረ ቁጥር የዩኒፎርሟን ጫፍ እየፈታሁ ያስረዘምኩላት እኔ ነኝ። ፊደል ያስጻፍኳትም እጇን በእጄ ይዤ ነው። ሰው “አልወለድሽም እንዴ?” ሲለኝ “አንድ አለችኝ” እል ነበር። በቀልድ የምናገረው ይመስላቸዋል። እኔ አልቀልድም ነበር።

ደቡብ አፍሪካ ከሄደች ስድስት ዓመት ሆናት። በከተማችን በሆሳዕና እዚያ ሰው የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል፤ የኛም ቤት እንደ ሰው ቤት አንዷን ሰጠ። ከአገር ልጆች ጋር ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ሱቅ ትሠራለች። እዚያ ያሉት ሀዲያዎች የመስከረሙን ዘመን መለወጫችንን ያሆዴን፣ አዳራሽ ተከራይተው፣ የባህል ልብሳቸውን ለብሰው ያከብራሉ፤ ፎቶውን ይልኩልናል፤ እኛም እነማን እንደወፈሩ፣ እነማን እንደከሱ እያየን በዓሉን እናደምቃለን። አምና ግን ፎቶው ውስጥ እህቴ የለችም። ደጋግሜ አየሁት። የለችም። ስደውልላት “የባህል ልብስ የለኝማ እትዬ፤ ሁሉ ለብሶ እኔ በጂንስ ልቁም?” አለችኝ። በሰው አገር በልብስ እጦት ከበዓል የቀረች ልጅ ያለኝ መሰለኝ። ለዘንድሮው እኔ ራሴ አሰፍቼ እንደምልክላት ያኔውኑ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ሐምሌ ሲጋመስ ደወልኩላትና ልክሽን ላኪልኝ አልኳት። ካሜራዋን አልከፈተችም፤ ኔትወርኩ አይችልም አለች። ኔትወርኩ ካሜራ መቻል ካቆመ ሰንብቷል፤ ሲችልም የሚያሳየኝ ከአገጭ በላይ ብቻ ነበር።

“ሜትር የለኝም እትዬ” አለችኝ። “ደግሞስ አንቺ አታውቂኝም? በዓይንሽ የምታውቂኝን አሰፊልኝ።”

ይቺ “አንቺ አታውቂኝም?” የምትለዋ ነገር ልቤን በቅቤ አራሰችው። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ፈገግ ስል እንደነበር አስታውሳለሁ። ዛሬ ሳስበው በዚያ ፈገግታዬ አፍራለሁ።

ልብስ ሰፊያችን ልጆቹን ሁሉ ያስተማርኩለት ሰው ነው። ሱቁ ከገበያው በላይ ባለው መንገድ ላይ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም መስታወትና ያለቁ ቀሚሶች የሚሰቀሉበት ገመድ የያዘች ናት። ሳባ የሚባለውን ጨርቅና ጥለቱን መርጬ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጥኩ በኋላ “ልኳስ?” አለኝ።

“ልኳን እኔ አውቃለሁ።”

“ቲቸር፣ በዓይን መስፋት ድሮ ቀረ። ውጭ አገር ላሉት ስንሰፋ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የትከሻ ስፋት፣ ከወገብ እስከ መሬት ብለው በቴሌግራም ይልኩልናል። አንዷ ሴንቲ ከጎደለች ቀሚሱን ከዚያ መልሼ አላመጣው።”

“ሜትር የላትም።”

“ሱቅ ነው የምትሠራው አላሉኝም? ሱቅ ውስጥ ሜትር ጠፋ?”

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ግን እህቴን ሊያጣጥልብኝ የፈለገ መስሎኝ ፊቴን አጠቆርኩበት። እሱም መምህርት ስትቆጣ ምን እንደምትመስል ከልጆቹ ሰምቷልና ወዲያው ተመለሰ። “እንግዲያው የምታህላትን ሰው ያምጡልኝ” አለኝ። እሱ ዘንድ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ለወንድሙ ወንድሙ ይለካል፤ ሩቅ ላለች ልጅ የጎረቤት ልጅ ትቆማለች። ያቺ የቆመችው ሴት ደረቷና ወገቧ በደብተሩ ላይ በሌላ ሰው ስም ይጻፋል።

በሚቀጥለው እሁድ ስብከቱን አልሰማሁም። ዓይኔን መዘምራኑ ላይ ተክዬ ትከሻ በትከሻ፣ ወገብ በወገብ ሳማርጥ ዋልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ያን ቀን ምን እንደተዘመረ ብጠየቅ አላውቅም። ከሁለተኛው ረድፍ ዳር ያለችው ልጅ ቆማ ስታጨበጭብ እህቴ ራሷ ተመልሳ የመጣች መሰለኝ፤ ቀጭን፣ አንገቷ ረዘም ያለ፣ ዳሌዋ ጠበብ ያለ። ሲያልቅ በር ላይ ያዝኳትና ለእህቴ ቀሚስ ተለኪልኝ አልኳት። ሳቅ አለች። አፏን በእጇ ይዛ ነበር የሳቀችው። ደስ ብሏት ነው ብዬ አለፍኩ።

ማክሰኞ ከሰዓት ሦስት ሆነን ሄድን፤ እኔ፣ ዘማሪዋ ልጅና አክስቴ። አክስቴ የእናታችን ታናሽ ናት፤ ገበያ ውስጥ ቅቤ ትነግዳለች። እንድትመጣ አልጠራኋትም፤ ሰምታ ራሷ ነው የተከተለችን። ልጅቷ እጇን ዘርግታ ቆመች፤ ሰፊው ሜትሩን አዞረባት፤ እኔ ከጎን ሆኜ “የእህቴ ወገብ ከዚህ ትንሽ ይጠባል፤ ሁለት ሴንቲ ቀንስ” እላለሁ።

“ይስፋ” አለች አክስቴ።

“ለምን ይስፋ?”

“ይቺ ቀጭን ናት። ሴት ልጅ ሰው አገር ስትቆይ ሰውነቷ ይለወጣል።”

“የኔ እህት አትለወጥም።”

“ቢያንስ ሊፈታ የሚችል ትርፍ ጨርቅ ከውስጥ ይተውላት” አለች። ያየችው ሰፊውን ነበር እንጂ እኔን አይደለም።

“አክስቴ፣ አንቺ ቅቤሽን መዝኝ” አልኳት። “የእህቴን ልክ ለኔ ተይው።”

ልጅቷ እንደገና አፏን ያዘች። አክስቴ ዝም አለች። እኔ ደግሞ የሰው ዝምታ ሁሉ መሸነፍ የሚመስለኝ ሴት ነኝና አሸንፌ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ አክስቴ ደግ ሆነችልኝ። አንቺ በምዝገባ ተጠምደሻል፤ ቀሚሱ ሲያልቅ እኔ አወጣዋለሁ፤ ጠቅልዬም ለመንገደኛው እሰጠዋለሁ አለችኝ። መንገደኛው ለእረፍት መጥቶ የሚመለስ የሆመቾ ልጅ ነበር፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ አርብ ጠዋት፣ ወደ አዲስ አበባ ይነሳል። እኔም እውነት የተማሪ ምዝገባው አናት በአናት ሆኖብኝ ስለነበር አመሰገንኳት። ሐሙስ ዕለት ግን መብራት ጠፍቶ ምዝገባው ተቋረጠ። ጊዜ አገኘሁ፤ እስኪ እኔው ልይላት ብዬ ወደ ሰፊው ወጣሁ።

ገመዱ ላይ የኛ ጥለት ያለበት ቀሚስ ተሰቅሏል። ሰፊ ነው። የሌላ ሰው መስሎኝ “የኔስ የታለ?” አልኩት።

“ይኸውና ቲቸር” ብሎ ያንኑ አወረደልኝ።

ዘርግቼ ያዝኩት። ወገቡ እህቴን ሁለት ጊዜ ይዞራታል። “ምን ነካህ? ልጅ አቁሜ አስለክቼህ? ደብተርህ የት ሄደ?” ስል ጎረቤት ያሉት ሰፊዎች መኪናቸውን አቁመው ማዳመጥ ጀመሩ። እሱ አንድ ነገር ሊል አፉን ይከፍታል፤ እኔ አላስጨርሰውም። እንደዚያ እየጮህኩ ጥለቱን በጣቴ ስዳብስ ደረቱ ጋ ጠንከር ያለ ነገር ነካሁ። ጥለቱን ገለጥኩት። ዚፕ ነው። በቀኝ በኩል አንድ፣ በግራ በኩል አንድ፣ ከትከሻው ዝቅ ብሎ እስከ ጡት ስር የሚወርድ።

“ይሄ የአራስ ቀሚስ ነው!” አልኩት። “የሌላ ሰው ሰፍተህ ነው የምትሰጠኝ?”

ያኔ ስልኩን አወጣ። “ቲቸር፣ አይቆጡ። እኔ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት” ብሎ አንድ ፎቶ ከፍቶ ሰጠኝ።

ፎቶው ከደብተር የተገነጠለ ባለ ካሬ ወረቀት ነው። ደረት መቶ አራት። ወገብ ዘጠና ሁለት። ዳሌ መቶ አሥራ ሁለት። ከስር ደግሞ፦ “ከፊት በሁለቱም በኩል ዚፕ ይኑረው። ሳጠባ እንዳላወልቅ። ጥለቱ ይሸፍነው።” የማን ጽሑፍ እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም ነበር። “ጠ”ን እግሯን አንፈርክካ ነው የምትጽፈው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ላስተዋት ታግዬ አልሆነልኝም። እኔ እጇን ይዤ ባስተማርኳት ጽሑፍ ለኔ ያልነገረችኝን ለልብስ ሰፊ ጽፋለታለች። ሜትር ነበራት። ወረቀትም ነበራት። ያጣችው ለኔ የምትልከውን ብቻ ነው።

“አክስትዎ ናቸው የላኩልኝ” አለ ሰፊው፣ አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ቲቸርም ተስማምታለች ስላሉኝ ነው። እኔማ እንኳን ደስ ያለዎት ልልዎ ነበር።”

ያ ቃል ከሁሉም ባሰብኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቀሚሱን አጣጥፌ በክንዴ ይዤ ወጣሁ። ሰፊዎቹ መኪናቸውን እንደገና ሲያስነሱ ከኋላዬ ይሰማኛል።

አክስቴ ቤት ድረስ በባጃጅ ሄድኩ። በረንዳዋ ላይ ቅቤ በቅጠል ስትጠቀልል አገኘኋት። ክንዴ ላይ ያለውን ስታይ እጇ ቆመ። ነገሩ ሲከብዳት እንደምታደርገው በሀዲይኛ ነው የተቀበለችኝ፤ እኔም በዚያው ጠየቅኳት።

“ልጁ ስንት ወሩ ነው?”

“ሰባት። ሴት ናት።”

“አባትየውስ?”

“የአንጋጫ ልጅ ነው። አብረው ነው የሚኖሩት። ጥሩ ሰው ነው ይላሉ።”

“ይላሉ? እነማን ናቸው የሚሉት? ማን ማን ያውቃል?”

አንገቷን ደፋች። “አጎትሽ ያውቃል” አለች። “ልጆቼም ያውቃሉ። የልጄ ጓደኛ ስለሆነች ዘማሪዋም ሰምታለች።” ለካ ያቺ ልጅ አፏን ይዛ የሳቀችው ለዚህ ነው! እኔ “ሁለት ሴንቲ ቀንስ” ስል፣ “የኔ እህት አትለወጥም” ስል፣ እዚያ ሱቅ ውስጥ የማናውቀው እኔና ሰፊው ብቻ ነበርን። እሱም ከሁለት ቀን በኋላ አወቀ። አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነገር ከኔ ቤት ብቻ ተደብቆ ኖሯል።

“ያጠባኋት ያህል አሳድጌያታለሁ” አልኳት። “ከሁሉ ሰው መጨረሻ እኔ ልስማ? እሱንም ከልብስ ሰፊ?”

“ፈርታሽ ነው።”

“ምን አድርጌያት?”

አክስቴ ቅጠሉን አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ። “ያቺን ያኔ ያረገዘችውን ልጅ የመዘምራን ልብሷን ያስወለቃት ማን ነው?”

ትዝ አለኝ። እህቴ ከመሄዷ አንድ ዓመት በፊት ነው። አንዲት ዘማሪ ሳታገባ አረገዘች፤ ጉዳዩ ለኮሚቴው ቀረበ፤ ኮሚቴው ውስጥ እኔ ነበርኩ። ልብሱን መልሺ የሚላት ሰው ሲጠፋ እኔ ሄጄ ከእጇ ተቀበልኳት። የዚያን ዕለት እራት ላይ ነገሩን በኩራት አወራሁት። “ከኔ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ቢወጣ ልቅሶ ነው የምቀመጠው” ብያለሁ። እህቴ ከፊቴ ተቀምጣ ነበር። መብላት አቁማ ሳህኗን ስታይ ቆየች፤ ምግቡ አልጣማትም ብዬ ጨው አቀበልኳት።

ይህን ሳስታውስ ልቤ ራራ ብል ዋሸሁ። አልራራም። ያ የቤተክርስቲያን ሥርዓት ነው፤ ይሄ የኔ ቤት ነው ብዬ ለራሴ ተከራከርኩ። ብቆጣስ? ተቆጥቼ፣ አልቅሼ፣ ሳምንት አኩርፌ መጨረሻ ላይ ገንፎ የማገነፋው እኔ አልነበርኩም? ያንን ዕድል ማን ሰጠኝ? ተከዳሁ። ሌላ ቃል የለኝም። ያሳደግኳት ልጅ ካደችኝ፤ እንደ እናቴ የምወዳት አክስቴ አብራት ቆመች።

“ፎቶዋን ላሳይሽ?” አለችኝ አክስቴ፣ ስልኳን ከመቀነቷ እያወጣች።

“አላይም” አልኳት። የእህቴን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ስልክ አላይም።

“እባክሽ ሰማሁ እንዳትያት። ራሷ ትንገርሽ። ለበዓሉ እነግራታለሁ ብላኛለች።”

ቀሚሱን ይዤ ቤቴ ገባሁ። መቀሱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ዚፖቹን ፈትቼ፣ ደረቱን ሰፍቼ ዘግቼ ልላክላት? ሁሉ በተሰበሰበበት አዳራሽ ልጇ ስትራብ ምን ታደርግ እንደሆነ እናያለን! እንዲህ ክፉ ሆኜ አስቤያለሁ። ከዚያ ያቺ የማላውቃት የሰባት ወር ልጅ በኔ ቂም ስታለቅስ ታየችኝና መቀሱን መልሼ ከመሳቢያው ጨመርኩት። ግን ዝም ብዬም አልላክኩትም። ሁለቱንም ዚፖች እስከ ታች ከፈትኳቸው፤ ጥለቱን ወደ ኋላ ገለጥኩት፤ ዚፖቹ ከላይ እንዲታዩ አድርጌ አጠፍኩት። ያጠፈው ሰው እንዳየ እንድታውቅ ነው። ከዚያ በላይ በር ልከፍትላት አልቻልኩም። አርብ ጠዋት የሆመቾው ልጅ መኪና ውስጥ ሳይገባ በእጄ ሰጠሁት።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ደወለች። ካሜራዋን ከፍታለች፤ ከወትሮው ትንሽ ዝቅ አድርጋዋለች። የቀሚሱ አንገትና የጥለቱ መጀመሪያ ይታያል። ፊቷ ሞላ ብሏል። አምሮባታል፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም።

“እትዬ! ልክክ አለኮ! ለኔ ተለክቶ የተሰፋ ነው የሚመስለው። እንዴት አወቅሽ? ስድስት ዓመት ሙሉ ሳታይኝ፣ በዓይንሽ ብቻ?”

ድምፅዋ ውስጥ ምንም አልተንቀጠቀጠም። እንዲህ መዋሸት መቼ እንደተማረች አላውቅም። እኔ አላስተማርኳትም፤ ወይ ሳላውቅ አስተምሬያት ይሆናል።

“ሰፊው ጎበዝ ነው” አልኳት። ከዚያ ቀስ ብዬ ጨመርኩ፦ “ጠቅልዬ የላክሁት ግን እኔ ነኝ። በእጄ ነው ያጠፍኩት።”

ዓይኗ ከስክሪኑ ወደ ታች ወረደ፤ ወደ ደረቷ። አሁን ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ልትለኝ እንደሆነ አፏም ተከፍቶ ነበር። እኔ ደግሞ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቁጣዬን ዋጥ አድርጌ ምን ብዬ እንደምቀበላት ሦስት ሳምንት ስሰናዳ ሰንብቻለሁ።

በዚህ መሃል ከኋላዋ ሕፃን አለቀሰች። ለስለስ ያለ፣ እንቅልፏን ጠግባ የተነሳች ልጅ ልቅሶ ነው። ከዚያ ጠነከረ።

እህቴ ፊቷን ወደ ኋላ አዞረችና ወደኔ መለሰች። “የጎረቤት ልጅ ናት” አለችኝ።

ማን ናት ብዬ አልጠየቅኳትም ነበር።

የተሰናዳሁበት ቃል ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ልቅሶው አላቆመም። የእህቴ ትከሻ ወደ ልቅሶው ሊዞር እየተሳበ፣ ፊቷ ግን እኔን እያየ፣ ፈገግ ብላ ቆየች። የገዛ ልጇን በኔ ፊት ካደቻት፤ ያስካድኳት እኔ ነኝ።

“በይ ሂጂና ለጎረቤትሽ ንገሪያት” አልኳት። “ልጅ እንዲህ አይተውም፤ ታንሳት።”

“እሺ እትዬ፣ እነግራታለሁ” አለችና ስልኩን ዘጋች።